ኪራዩን ከወለዱ ጋር አስተያየው

«በወር 35 ሺህ ነው የምከራየው። 8 ሚሊዮን ለሚሸጥ አፓርትመንት ባንኩ 30 በመቶ ከፍዬ ቀሪውን በ17 በመቶ ለ20 ዓመት ያበድረኛል፤ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ወርሃዊ ክፍያህ 82 ሺህ ገደማ ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 79 ሺሁ ወለድ ነው፤ ዕዳህን የሚቀንሰው ወደ 3 ሺህ ብቻ! ቅድሚያ የምትከፍለው 2.4 ሚሊዮን በ7 በመቶ ባንክ ቢቀመጥ በወር 14 ሺህ ያስገኝልህ ነበር። ለሊፍት፣ ለጄኔሬተርና ለጥበቃ 3 ሺህ ጨምርበት። የማይመለስልህ ወጪ 96 ሺህ ሆነ፤ ከኪራይህ በ61 ሺህ ይበልጣል። ቤቱ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋው 9 በመቶ ገደማ ካልጨመረ መከራየቱ ይሻልሃል። ኪራይህ ሲጨምር ግን ልዩነቱ ይጠባል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የእኛ ሕንፃ ሊፍት ሲበላሽ እያንዳንዳችን 40 ሺህ አዋጣን፤ ባንኩ ደግሞ የዚያን ወር ክፍያ አልተወልኝም። ከመፈረምህ በፊት የስድስት ወር ክፍያ በእጅህ ይኑር።