ማስተካከያ፦ የዋን ድሮፕ ኪክ ቦታ

ስለ ዋን ድሮፕ፣ ማለትም ስለ ሬጌው የከበሮ ምት፣ ለጻፍኩት የመጣ መልስ፦ «ያልከውን ሞከርኩት፤ ሬጌ ሳይሆን ቡም ባፕ ሆነብኝ!»

ጥፋቱ የኔ ነው። በ75 ቢፒኤም፣ ባለ 16 ሳጥን መስመር ላይ ኪኩን፣ ማለትም ትልቁን ከበሮ፣ 1 እና 9 ላይ አስቀምጡ ብዬ ነበር። ስኔሩ 5 እና 13 ላይ ስላለ፣ ያ የቡም ባፕ፣ ማለትም የሂፕ ሆፕ ምት፣ አጽም ነው።

ለዋን ድሮፕ 1 እና 9ን ከኪክ ባዶ አድርጓቸው። ኪኩን ወደ 5 እና 13 ውሰዱት፤ ከስኔሩ ጋር እኩል ይምታ። ስሙም የመጣው የመጀመሪያው ምት ስለሚጣል ነው ይባላል። ስኔሩን በጠርዝ ምት ድምፅ ብትቀይሩት ይበልጥ ያምራል። ሃይሃቱ በጎዶሎ ቁጥሮቹ ሁሉ ይቀጥል፤ ጊታሩ 3፣ 7፣ 11 እና 15 ላይ ይግባ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ፕሮጀክታችሁ በ75 ፈንታ በ150 ቢፒኤም ከተከፈተ፣ ኪኩና ስኔሩ አብረው የሚወድቁት 9 ላይ ብቻ ነው። እኔን ያምታታኝም ይሄው ነው፤ ሁለቱን አቆጣጠር ደባልቄ ጻፍኩት።