አንዲት ትርፍ ቃል

መሐል ሜዳ ውስጥ የበግ ጸጉር ፈትለው ባና የሚያሠሩ እናቶች ማኅበር አላቸው፤ እኔ ደግሞ ጸሐፊ ተብዬ ነኝ። ባለፈው ሰሞን የገንዘብ ድጋፍ ለመጠየቅ የምንሞላው ቅጽ «ማኅበሩን ከ150 ቃል ባልበለጠ ግለጹ» አለን። የጻፍኩት ግን 171 ሆነ።

«ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ አራት ቃል ብቻ ስለሆነ ከየትኛውም ሣጥን ይገባል። ችግሩ ግን ይህን ብሎ የሚጀምር ሽማግሌ ጀንበር ሳትጠልቅ ንግግሩን ሲጨርስ አለማየቴ ነው። እኔም ቢሆን ጥፋቱ የብቻዬ አይደለም፤ «ከሁለት ገጽ ያነሰ ድርሰት አላርምም» የሚል መምህር ነበረኝና «ጥናት አካሄድን» እያልኩ ቃል ማርባት የተማርኩት ከእርሱ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ቅነሳውን የጀመርኩት ከ«እና» ነበር። «ጸጉር እና ጥጥ» ሦስት ቃል ሲሆን «ጸጉርና ጥጥ» ሁለት ነው፤ በዚህ መንገድ ዘጠኝ ቃል ተረፈልኝ። «ሥልጠና ሰጠን» ወደ «አሠለጠንን»፣ «ጥናት አካሄድን» ወደ «አጠናን» ሲለወጡ ደግሞ ከነመሰሎቻቸው አምስት ቀነሱ። የቀሩትን ሰባት ትርፍ ቃላት ፍለጋ ስዞር የመግቢያው ሰላምታ ልክ ሰባት ቃል ሆኖ ተገኘ፦ «በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤታችሁ የከበረ ሰላምታችንን በአክብሮት እናቀርባለን»። ያለዚህ ሰላምታ የሄደ ደብዳቤ በየቢሮው በር እንደ ጥጋበኛ ሲታይ ኖሮ፣ ዛሬ ቦታ አጣቢ ተብሎ መጣሉ በእውነት አናደደኝ። ሊቀመንበራችን እትዬም «ሰላም ሳይሉ ሰው ቤት ገብቶ ገንዘብ መጠየቅ አለ እንዴ?» ብለው አኮረፉ። ቢሆንም ሰረዝነው።

በወረቀት ስቆጥር 150 ሆነ። ወደ ቅጹ ገልብጬ ከታች ወደ ላይ ሳነብ ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ከዚህ ቀደም የተሰጠንን ገንዘብ አባክነን» ብሎ ቆሟል። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በክፍት ቦታ ነውና፣ እኔ አንድ ያልኩትን «መሐል ሜዳ» ሁለት ብሎ 151ኛዋን «አናውቅም» ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ውጧታል። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ጫፉ ቢቆረጥ ምናልባት ጌጡን ያጣ ይሆናል፤ የእኛ ግን ግሱም አሉታውም መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ጫፉ ሲቆረጥ ንጹሕ ሰው ሌባ ሆኖ ያድራል።

«አባክነን አናውቅም» የሚለውን «አላባከንንም» በሚል አንድ ቃል ልተካው አልኩ። እትዬ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «አንተ ልጅ፣ አላባከንንም ያለ ሰው የአምናውን ነው የሚናገር፤ አናውቅም ያለ የዕድሜውን ነው።»

እውነታቸውን ነበር። «አናውቅም»ን መልሼ፣ ከስሜ ፊት የነበረውን «አቶ» ሰረዝኩ።