አራት አራት ገጽ ተካፍለን ጓደኛችንን አስበላናት

ወገን፣ ይህን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሐሙስ ዕለት የግሩፕ ፕረዘንቴሽን ነበረን። አራት ልጆች ነን፣ ተርም ፔፐሩ 16 ገጽ ነው፣ የተሰጠን ጊዜ አምስት ደቂቃ። ርዕሳችን ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ጠዋት የሚሸጥ ቆሮሶ ዓሣ እኩለ ቀን ሲደርስ ለምን ዋጋው እንደሚወርድ ነው። ማክሰኞ ማታ የግሩፕ ሊደራችን ቴሌግራም ላይ «ከ1 እስከ 4 እኔ፣ ከ5 እስከ 8 አንተ፣ ከ9 እስከ 12 አንተ፣ ከ13 እስከ 16 እሷ» ብሎ ላከ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሁላችንም እሺ አልን። አራት አራት ገጽ፣ ከዚህ የበለጠ እኩል ምን አለ?

እኩልነቱን ሐሙስ አየነው። ሊደራችን ኢንትሮዳክሽኑን ይዞ ሐዋሳ ሐይቅ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሆኑን፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ እንደሚገባበት፣ በገጽ የሚወጣ ወንዝ እንደሌለው፣ ቆሮሶና አምባዛ እንዳለበት ሲተነትን 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሄደ። ከዋጋው ጋር ምን አገናኘው? ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ነው እኮ የሚነገረው! ሁለተኛው ሊትሬቸር ሪቪው ብሎ ማን ምን እንዳለ ሲዘረዝር 1 ደቂቃ ከ35። እኔ መምህሩ ሰዓታቸውን ሲያዩ አይቼ ሜተዶሎጂውን በአንድ ደቂቃ ሮጥኩበት። ለእሷ 15 ሰከንድ ቀረ። ሰላምታ ሰጠች፣ ሰንጠረዡን አሳየች፣ አፏን ልትከፍት ስትል «አመሰግናለሁ፣ ሰዓት አልቋል» ተባለች።

ይቺ ልጅ ማን ናት? ሁለት ሳምንት ሙሉ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እየተነሣች አሞራ ገደል የወረደችው እሷ ናት። ጀልባ ሲደርስ ቆማ፣ ከአባ ኮዳዎቹ መሐል ተጋፍታ፣ ዋጋ እየጠየቀች ደብተሯ የዓሣ ቅርፊት እስኪለብስ የጻፈችው እሷ ናት። ጽሑፋችን ውስጥ ከሌላ ቦታ ያልመጣ አዲስ ነገር ቢኖር እሷ ያመጣችው ነው። እሱ ነው ሳይነገር የቀረው። የግል ንግግር ከ5 ነው የሚያዘው፣ እሷ 1 አገኘች። መምህሩን አልወቅስም፣ ሰዓቱን ቀድመው ነግረውናል። የምወቅሰው አከፋፈላችንን ነው፣ እኔም እሺ ብያለሁ።

ገጽ የንግግር መለኪያ አይደለም። 16 ገጹ ከ4,000 ቃል በላይ ነው። አምስት ደቂቃ ውስጥ በእንግሊዝኛ፣ እየተረጋጋን፣ ልንናገር የምንችለው 450 ቃል አካባቢ ነው። ከዘጠኝ እጅ አንዱን ማለት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን በሙሉ ለአራት መቁረጥ አይቻልም። መጀመሪያ የሚነገረውን አንድ ነገር መምረጥ፣ ከዚያ እሱን መካፈል ነው ያለብን። በምዕራፍ ሲካፈሉማ ፋይንዲንጉ ሁልጊዜ ጅራት ላይ ነው፣ የሚቆረጠውም ጅራት ነው።

ተናድጄ ዓርብ ማታ ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ማርክ እንደማይመልስ አውቃለሁ፣ ግን ይቻል እንደነበረ ማየት ፈለግሁ። አምስት ደቂቃ 300 ሰከንድ ነው። ወጥቶ ለመቆምና ስላይድ ለመክፈት 20፣ ለሦስቱ ቅብብል 15፣ ለሳልና ለመደናቀፍ 25 ቀነስኩ። 240 ቀረ። ለእያንዳንዳችን 60 ሰከንድ፣ ንጹሕ።

ቀጥሎ አራታችንም ዶርም ደጃፍ ቆመን፣ ድምፅ አውጥተን፣ አንድ ዓይነት 100 ቃል አነበብን፤ እኔ በስልኬ ያዝኩ። በልብ ማንበብ ያታልላል፣ ሁሉም ሰው በልቡ ፈጣን ነው። ሊደራችን በ43 ሰከንድ ጨረሰ። እኔና ሁለተኛው 55። እሷ 67፣ ምክንያቱም ረጋ ብላ ነው የምትናገረው፣ ደግሞ ከሁላችንም ይልቅ የምትሰማው እሷ ናት። ስለዚህ ለእሱ 140 ቃል፣ ለሁለታችን 110 110፣ ለእሷ 90 ጻፍኩ። ሊደራችን «እንዲያ ከሆነ እሷ ትንሽ ተናገረች ማለት አይደል?» አለኝ። አይደለም! ሁላችንም አንድ አንድ ደቂቃ ነው የምንቆመው። ለሁላችንም 112 ቃል እኩል ብንሰጥ እሱ በ48 ሰከንድ ጨርሶ ይቀመጣል፣ እሷ 75 ይፈጅባታል፣ ከዚያ ሰዓት ያሳለፈችው እሷ ትባላለች።

ይዘቱንም ማንም ሰው ርዕስ ብቻ አንብቦ እንዳይወርድ አድርጌ ከፈልኩት። ስማችንና ርዕሱ ስላይዱ ላይ ተጽፏል፣ አይነገርም። ሊደራችን ንጋት ላይ ጀልባው ሲደርስ ያለውን ግርግር፣ ከዚያ እኩለ ቀን ላይ ያው ዓሣ በረከሰ ዋጋ ሲለመን ይተርክና «ለምን?» ብሎ ይዘጋል። ሁለተኛው ማንን እንደጠየቅን፣ ሁለት ሳምንቱም በጾም ወቅት ስለነበረና ያኔ የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ለሌላው ወር መናገር እንደማንችል ያስረዳል። እኔ የመጀመሪያውን ምክንያት እይዛለሁ፤ በረዶ የለም፣ ፀሐይ ሲወጣ ቀይ የነበረው ስንጥብ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ሻጩም ገዢውም ያዩታል። ያ ሁሉ ሊትሬቸር ሪቪው እዚህ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። እሷ ደግሞ ቆማ በዓይኗ ያየችውን ሁለተኛ ምክንያት ትናገራለች፤ ለሆቴልና ለነጋዴ በብዛት የሚገዙት ጠዋት ወስደው ይሄዳሉ፣ የሚቀረው ለአንድ ሁለት ዓሣ የሚከራከር ገዢ ነው። መደምደሚያውም የእሷ ነው።

«አሁን ደግሞ ቀጣዩን ክፍል ጓደኛዬ ያቀርብላችኋል፣ አመሰግናለሁ» የሚባለውን ሰረዝኩት። ስምንት ሰከንድ ይበላል፣ ሦስቴ ሲባል 24። የአንድ ልጅ ደቂቃ ሊጋመስ ምንም አልቀረው! በምትኩ እያንዳንዱ በጥያቄ ይጨርሳል፣ ቀጣዩ በመልሱ ይጀምራል።

ቅዳሜ ቆመን ሞከርነው። 4 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ። እሷ ስለ ነጋዴዎቹ ስትናገር ሊደራችን ዝም ብሎ ሰማ፣ ሲያበቃ «ይሄን እኔ አላውቅም ነበር» አለ። ስሙ ሽፋኑ ላይ አንደኛ የተጻፈው ሰውዬ!

ዛሬ ደግሞ የሌላ ኮርስ ግሩፕ ተከፍቷል፣ እንደገና አራት ነን፣ እንደገና አምስት ደቂቃ። ገና ስገባ አንዱ «ከ1 እስከ 5 አንተ» ብሎ ጽፎልኛል። ገጹን አልቀበልም አልኩት። ነገ 10 ሰዓት ላይ ላይብረሪው በር እንገናኝ፣ መጀመሪያ 100 ቃል ቆመን እናነባለን፤ ስልኬን እኔ አመጣለሁ።