ቁራጭ ደን አስቀርተን «ደን አለን» አንበል

ወገኖቼ፣ ቅር አይበላችሁና ዛሬ ልቆጣ ነው። የምቆጣውም ራሴንም ጨምሬ ነው።

አንድ ክፉ ልማድ አለብን። ደን ሲመነጠር «ሁሉም እኮ አልተቆረጠም፣ እዚህም እዚያም ተርፏል» ብለን እንጽናናለን። መሀሉን መንገድ ሲሰነጥቀው «መንገዱ የወሰደው ትንሽ ነው» እንላለን። ሄክታሩን ደምረን፣ መቶኛውን አስልተን፣ ሪፖርቱን ዘግተን እንተኛለን። ደኑ ውስጥ ያለው ፍጥረት ግን መቶኛ አያውቅም። የሚያውቀው ከዚህኛው ዛፍ ወደዚያኛው መድረስ መቻል አለመቻሉን ነው።

እስቲ እኛው በምንወደው በሂሳብ እንነጋገር። የሥነ ምህዳር ሰዎች ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቀመር አለ፦

S = cA^z

S የዝርያዎች ቁጥር ነው፣ A ደግሞ የቦታው ስፋት። c እንደ አካባቢውና እንደ ፍጥረቱ ዓይነት ይለያያል። z ለደሴቶችና እንደ ደሴት ለተነጠሉ ቦታዎች ብዙ ጊዜ 0.25 አካባቢ ነው። በዚህ ስሌት ስፋቱ ወደ 1/16 ሲወርድ ዝርያው በግማሽ ይቀንሳል። ከደኑ 90 በመቶው ቢጠፋ እንኳ 56 በመቶ ያህሉ ዝርያ ይተርፋል ማለት ነው።

«እሰይ፣ ያን ያህልም አይጎዳማ» ያላችሁ አላችሁ። ሰምቻችኋለሁ። ይሄ ቀመር ብቻውን ከተነበበ ለመንጣሪው ጠበቃ ሆኖ ያርፈዋል። የተረፈው ደን ስንት ቦታ እንደተቆራረጠ አይናገርም። ዘግይቶ የሚመጣው የዝርያ ጥፋት ዕዳ መቼ እንደሚከፈልም አይናገርም።

መቆራረጡን እንየው። ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ደን አስቡ፣ 100 ሄክታር ነው። ጠርዙ ላይ ፀሐይ በጎን ይገባል፣ ደረቅ ነፋስ ይገባል። ለነፋስ ያልለመዱ ረጃጅም ዛፎች ይሰበራሉ፣ ችግኙ ይደርቃል፣ ሐረጉ ይወርሰዋል። ይህ ጉዳት 100 ሜትር ወደ ውስጥ ይዘልቃል ብንል፣ በየአቅጣጫው 100 ሜትር ቀንሰን 800 በ800 ሜትር ይቀረናል። ደህና የሆነው እምብርት 64 ሄክታር ነው ማለት ነው። አሁን ያንኑ 100 ሄክታር ባለ 1 ሄክታር መቶ ቁራጭ አድርጉት። የአንዱ ቁራጭ ጎን 100 ሜትር ነው። መሀል ለመሀል ብትቆሙ እንኳ ከጠርዙ 50 ሜትር ብቻ ነው የምትርቁት። እምብርት የሚባል ነገር የለም፣ ዜሮ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን ያው 100 ሄክታር ተብሎ ይጻፋል። ይሄን ነው «ተርፏል» የምንለው።

ነገሩ የወረቀት ስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብራዚል ውስጥ፣ ማናውስ ከተማ አጠገብ፣ ቶማስ ላቭጆይ የሚባል ሳይንቲስት በ1979 (እ.ኤ.አ.) አንድ ትልቅ ሙከራ ጀመረ። በጊዜው ሕጉ ከብት አርቢዎች ከመሬታቸው ግማሹን በደን እንዲተዉ ያዝ ነበር። እሱም «መተዋችሁ ካልቀረ፣ በተለካ አራት ማዕዘን ተዉልን» አለ። ስለዚህ ባለ 1፣ ባለ 10 እና ባለ 100 ሄክታር ቁራጭ ደኖች በግጦሽ ሣር ተከበው ቀሩ። ከመቆረጡ በፊት የነበሩት ወፎች ተመዝግበው ስለነበር በኋላ የሆነውን ማመሳከር ተቻለ።

መጀመሪያ የሆነው ነገር ያሳስታል። ዙሪያው እንደተመነጠረ፣ ተመራማሪዎቹ በቁራጮቹ ውስጥ የዘረጉት ስስ መረብ ከወትሮው የበለጠ ወፍ ይይዝ ጀመር። አንዳችን እዚያ ብንሆን ኖሮ ፎቶ አንስተን «እንዲያውም በዛ!» ብለን እንለጥፍ ነበር። ወፎቹ ግን ቤታቸው የፈረሰባቸው ስደተኞች ነበሩ። ከወራት በኋላ ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ።

ከሁሉ ቀድመው የጠፉት ጉንዳን ተከታይ ወፎች ናቸው። እነዚህ ወፎች ጉንዳኑን አይበሉም። የጉንዳን ሰልፍ ሲዘምት ከቅጠሉ ሥር በርግጎ የሚወጣውን ነፍሳት ይለቅማሉ። አንድ የጉንዳን መንጋ ለመኖር 30 ሄክታር ያህል ይፈልጋል። አንዱ መንጋ ደግሞ በየቀኑ አይዘምትም፣ ስለዚህ ወፏ ብዙ መንጋ እያዞረች ማየት አለባት። በ10 ሄክታር ይሄ ከየት ይመጣል? ዛፉ ቆሟል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ወፏ ግን የለችም። ወደ ትልቁ ደን እንዳትሄድ ደግሞ ከፊቷ ባዶ ሣር አለ። 80 ሜትር ገላጣ ቦታ ማለት እኛ ስልካችንን እያየን የምናቋርጠው ርቀት ነው። ከደን ጥላ ወጥታ ለማታውቅ ወፍ ግን ባሕር ነው።

ዕዳውስ? ባለ 100 ሄክታሮቹ ቁራጮች በደኑ ሥር ከሚኖሩት የወፍ ዝርያዎች ግማሹን ለማጣት 15 ዓመት እንኳ አልፈጀባቸውም። በነዚያ ዓመታት መሀል የሄደ ጎብኚ «ደኑ ደህና ነው» ብሎ ይመለስ ነበር። እኛም ዛሬ ቁራጭ ደን ውስጥ ወፍ ሲጮህ ሰምተን የምንፈርደው እንዲሁ ነው።

አሁን ቁራጭ ደኖችን ወደሚያገናኘው መተላለፊያ ልምጣ፤ ዛሬ «ኮሪደር» ወደምንለው። ማናውስ ላይ ማንም ሰው አልሠራውም። አንዳንዶቹ አርቢዎች ከብቱን ትተው ሄዱ። ሣሩ ላይ ሴክሮፒያ የሚባል ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ በቀለና ቁራጮቹን ከትልቁ ደን ጋር አያያዘ። የጠፉት ጉንዳን ተከታይ ወፎችም ተመለሱ። በተቃጠለው መሬት ላይ ግን የበቀለው ሌላ ዓይነት ቁጥቋጦ ነው፣ በዚያ በኩል መመለሱም ደከም ያለ ነበር። እሳት ስትለኩሱ ይሄን አስቡ።

«ኮሪደሩ የጠቀመው እኮ ስፋት ስለጨመረ ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በትክክል ተፈትኗል። እዚያ ተፈላጊው መኖሪያ ገላጣ ቦታ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለው የጥድ ተክል ደግሞ እንደ ባሕር ሆኖ ይከበዋል። ተመራማሪዎቹ መሀል ላይ 1 ሄክታር ገላጣ ቦታ አዘጋጁ፣ ዙሪያውን ደግሞ በ150 ሜትር ርቀት ሌሎች አራት። ከአራቱ አንዱን ብቻ 25 ሜትር ስፋት ባለው መተላለፊያ ከመሀለኛው ጋር አገናኙት። ላልተገናኙት ደግሞ የመተላለፊያውን ያህል ትርፍ መሬት ጨመሩላቸው። አንዳንዱን አሰፉት፣ አንዳንዱን ግራና ቀኝ የትም የማያደርስ «ክንፍ» ሰጡት። የስፋት ሰበብ በዚህ ተዘጋ። ከ18 ዓመት በኋላ የተገናኙት ቦታዎች ካልተገናኙት 14 በመቶ ያህል የበለጠ የዕፅዋት ዝርያ ነበራቸው።

ይህን ሰምታችሁ ደግሞ ወደ ሌላው ጥፋት እንዳትሮጡ። መንገድ ዳር አንድ ረድፍ የጌጥ ዛፍ ተክሎ «ኮሪደር ሠራን» ማለት አለ። ያ ሙሉ በሙሉ ጠርዝ ነው፤ የውስጥ ጥላ ለምዳ ላደገች ወፍ አይሆንም። ለሣርና ለአበባ ዘር 25 ሜትር በቅቶ ይሆናል፣ ለትልቅ አዳኝ አውሬ አይበቃም። መተላለፊያ ደግሞ የሚለካው በሰፊው ቦታ ሳይሆን በጠባቡ ነው። 10 ኪሎ ሜትር በደንብ ተጠብቆ አንድ ቦታ ላይ አጥር ከተዘጋበት፣ ሁለት የማያሳልፉ ክንፎች አሏችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ «ስንት ሄክታር ቀረ?» ብለን አንጀምር። ካርታው ይዘርጋ። ጣታችሁን ከአንዱ ደን አንስታችሁ ወደ ሌላው አስኪዱት። የት ላይ እንደሚቆም እዩ፣ ክፍተቱ ስንት ሜትር እንደሆነም ጠይቁ። የዚያን ቦታ አጥር ማን እንደፈቀደው ደግሞ ከመካከላችን የሚያውቅ አይጠፋም።