«ለሥራው ብቁ ናት» የሚለው ቃል ይበቃል

«የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ለአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተመዝግቤ የማሽን ፈተናውን አልፌያለሁ። አሁን ግን ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ታይፎይድና እርግዝና ተመርምረሽ፣ አሻራ ሰጥተሽ፣ ተያዥ ይዘሽ ነይ አሉኝ። ወጪውም የራስሽ ነው ተባልኩ። ይህን ሁሉ መጠየቅ ይችላሉ?»

አብዛኛውን አይችሉም፣ እህቴ። ገንዘቡን ሳታወጪ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

መነሻችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 92 አሠሪው አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛን እንዲያስመረምር ይፈቅዳል። ግን ሦስት ነገር አብሮ ያስቀምጣል። ምርመራው ከሥራው ጠባይ ጋር የሚሄድ መሆን አለበት። ወጪው የአሠሪው ነው። ኤችአይቪ ደግሞ አይካተትም። ለኤችአይቪ የተተወው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ አገሪቱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የገባችው ግዴታ ካለ። ስፌት እዚያ ውስጥ አይገባም። አንቀጽ 14 ደግሞ በበቂ ምክንያት የተጠየቀ ምርመራን እምቢ ማለትን ለሠራተኛው ሲከለክል ኤችአይቪን ለይቶ አውጥቶታል። ስለዚህ «አልመረመርም» ብትዪ ጥፋት አልሠራሽም። አንዳንድ ቦታ «በፈቃዴ ተመርምሬያለሁ» የሚል ቅጽ ያስፈርማሉ። ሥራ ፈላጊ በር ላይ ቆሞ የሚፈርመውን እኔ ፈቃድ አልለውም።

የጉበት ቫይረሱን እንይ። ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። አብሮ በመብላት፣ አንድ ወንበር ላይ በመቀመጥ ወይም አንድ ጨርቅ በመንካት አይተላለፍም። አሠሪዎች «መርፌ ጣት ይወጋል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ማሽን ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንድ ቀን ይወጋል። መፍትሔው ግን የደማውን መርፌ መቀየር፣ ማሽኑን ማጽዳት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚሰጠውን ሰው ጓንት ማስለበስ ነው። በሽታው ክትባትም አለው። ቫይረሱ ያለባትን ልጅ ከበር መመለስ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም።

የታይፎይዱ ነገር በጣም ያናድደኛል። በየሰፈሩ ክሊኒክ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ነው። እሱ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ዓምና ታምመሽ የዳንሽ ከሆነ ዛሬም «ፖዘቲቭ» ሊልሽ ይችላል። ለካፍቴሪያ ወጥ ሠሪ ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ምግብ ትነካለችና። እሷም ብትሆን በሰገራ ምርመራ እንጂ በዊዳል ብቻ ልትመለስ አይገባም። አንቺ የምትነኪው ጨርቅ ነው።

እርግዝናውን ለምን እንደሚጠይቁ ማንም ያውቀዋል። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን፣ በሙሉ ደመወዝ ነው። ያንን ላለመክፈል ነው ጥያቄው። ሴትን በጾታዋ ምክንያት በቅጥር መለየት በአዋጁ የተከለከለ ነው። እርግዝና ደግሞ ሴት ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው።

ታዲያ ለስፌት ምን መመርመር ይገባል? ዓይን። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ስምንት ሰዓት ሙሉ ማየት ቀላል አይደለም። ቀለም መለየት፣ በተለይ ጥራት ቁጥጥር ላይ። የጥጥ ብናኝ ያለበት ክፍል ከሆነ ደግሞ አስም ካለብሽ መጠየቅ አንቺንም ይጠቅምሻል። ይህ ነው የሥራው ጠባይ ማለት።

ቀጥሎ ውጤቱ ማን እጅ ይገባል የሚለው ይመጣል። ቃሊቲ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ኃይል ክፍል ስሠራ የምርመራ ውጤት የሚመጣው በታሸገ ፖስታ ነበር። አንድ ጠዋት ጥበቃው በር ላይ የአንዲት አመልካች ልጅ ፖስታ ቀደደ። «ማኅተም እንዳለው ላረጋግጥ ነው» አለ። ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያነብ ከኋላ የተሰለፉት ልጆች አንገታቸውን አስረዘሙ። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ቆመች። ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም፤ በማግሥቱ ግን አልተመለሰችም። እኔም ያን ቀን ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሠሪው የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው። «ለሥራው ብቁ ናት»፣ «ብቁ አይደለችም»፣ ወይም «አቧራ ከሌለበት ክፍል ትመደብ»። የላብራቶሪው ዝርዝር ሐኪሙና አንቺ ጋ ይቀራል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል። የበር ጥበቃ እጅ ላይ ሊዞር አይገባም።

አንቺን ባይጠይቁሽም ጓደኞችሽ ዕፅ ለመለየት የሽንት ምርመራ ሊባሉ ይችላሉ። ፎርክሊፍት ወይም ከባድ መኪና ለሚነዳ ይገባኛል፣ የሰው ሕይወት አለበት። ግን ፈጣኑ የሽንት ምርመራ ይሳሳታል። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ የጠጣ ሰው የኦፒየም ዓይነት ዕፅ እንደወሰደ ሊታይ ይችላል። ካናቢስ አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ሽንት ላይ ደግሞ ካቆመ ሳምንታት በኋላም ይገኛል። ምርመራው ዛሬ መንዳት ይችል እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ የሚወስዱትን መድኃኒት አስቀድሞ ማስመዝገብ፣ «ፖዘቲቭ» ሲመጣም ሁለተኛ ማረጋገጫ ምርመራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሻራውን ብትሰጪ ችግር የለውም፤ ፖሊስ የሚሰጠው የወንጀል ሪከርድ ማስረጃ የተለመደ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ተያዡ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ተያዡ የገባበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። አጎትሽ ቢፈርምልሽ ብር መጠኑ ባዶ የተተወ ወረቀት ላይ አይፈርም። ስለ ቀድሞ ሥራሽ ደግሞ የቀድሞ አሠሪሽ በነፃ የሚሰጥሽ ማስረጃ የሥራሽን ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን የያዘ ነው። ባሕርይሽን ለማጥላላት የሚሆን ቦታ የለውም።

አሁን እንዲህ አድርጊ። የሚፈልጉትን የምርመራ ዝርዝር በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። ብዙዎቹ እዚያው ላይ ዝርዝሩን ያሳጥሩታል፤ ኤችአይቪን በማኅተም መጻፍ አይደፍሩም። የዓይኑን ምርመራ ከኪስሽ ከከፈልሽ ደረሰኙን ያዢ። እምቢ ካሉ ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂጂና የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ባለሙያ ጠይቂ። መጀመሪያ ግን ፋብሪካው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ አረጋግጪ። ገላን ወይም ሰበታ ያለ ፋብሪካ ሸገር ከተማ ስለሆነ አቤቱታው ወደ ኦሮሚያ ነው የሚሄደው። ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አይቻለሁ።

አንድ ነገር አልደብቅሽም። ገና ውል አልፈረምሽም። ከሥራ ያባረረሽ የለም፣ ዝም ብሎ ስልክ የማይደውል እንጂ። ለምን እንዳልጠሩሽ ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው «ተቀጥረሻል፣ ብቁነትሽ ብቻ ይረጋገጥ» የሚል ደብዳቤ ከተሰጠ በኋላ መሆን አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ያኔ ከመለሱሽ ምክንያታቸው ወረቀት ላይ ይገኛል። ያንን ደብዳቤ አሁኑኑ ጠይቂያቸው፤ የማሽን ፈተናውን አልፈሻል።