እርማት፦ ማህተም ያለው ኢንቮይስ ሁሉ አይከፈልም

«ኢንቮይሱ ማህተምና ፊርማ ካለው መዝግቦ ለክፍያ መላክ ነው፤ ሌላ ምን ቀረ?»

ወዳጄ፣ ማህተሙ የአቅራቢው ነው። ዕቃው መግባቱን አያሳይም። ኢንቮይሱ ሲደርስህ የደረሰበትን ቀን ጻፍበት። ከዚያ ከግዢ ትዕዛዙና ከመጋዘኑ የዕቃ መረከቢያ ሰነድ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል እንውሰድ። ትዕዛዙ 20 ጀሪካን ዘይት፣ አንዱ በ4,000 ብር ነው። ኢንቮይሱም 20 ይላል። መረከቢያው ላይ ግን «18» ተብሎ ተፈርሟል። ኢንቮይሱን ብቻ ያየ ሰው 8,000 ብር አብልጦ ይከፍላል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ማስመለሱ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ክፍያውን ያዘው። አቅራቢው ለ2ቱ ዋጋቸውን ከሂሳቡ የሚቀንስ ክሬዲት ኖት ይስጥ፣ ወይም ቀሪውን ያስገባ። ለኃላፊ ፊርማ የሚቀርበውና በቀነ ገደቡ የሚከፈለው ሦስቱ ሰነዶች ሲገጥሙ ነው።

የኢንቮይሱንም ቁጥር በአቅራቢው ሂሳብ ላይ ፈልገው፤ ኮፒው ዳግም ሊመጣ ይችላል።