«እኔ እኮ 1.10 ላይ ነው የምወጣው» ለምትሉ ወገኖች

ወገኖች፣ ይህ ተግሳጽ በክራሽ ጨዋታ 100 እጥፍ አገኛለሁ ብሎ ለሚያልመው ሰው አይደለም። እሱ ቢያንስ ቁማር እየተጫወተ መሆኑን ያውቃል። የምንናገረው ለእናንተ ነው፦ በስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑ ገና ከመሬት ሲነሳ 1.10 ላይ «ካሽ አውት» የሚለውን የመውጫ ቁልፍ ነክታችሁ፣ በ100 አሥር አትርፋችሁ፣ «እኔ አልስገበገብም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ለምትሉት። የክራሽ ጨዋታ እንቁላል እግር አያበቅልም። ለምን እንደማያበቅል ለማወቅ ደግሞ በስክሪኑ ላይ የሚሮጠው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማየት ነው።

ማባዣው፣ ማለትም ያስያዛችሁት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር፣ ከ1.00 ተነስቶ ይወጣል፣ ድንገት ይቆማል፤ ከመቆሙ በፊት ካልወጣችሁ ያስያዛችሁት በሙሉ ይበላል። ዓይን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላኑ እየበረረ የት እንደሚወድቅ የሚወሰን ይመስላል። አይደለም። የሚወድቅበት ቁጥር ከመነሳቱ በፊት ተሰልቶ አልቋል፤ በረራው ያለቀውን ነገር ቀስ አድርጎ ማሳያ ሥዕል ብቻ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ «ዘር» የሚባል ምስጢራዊ የፊደልና የቁጥር ድርድር ያዘጋጃል። ዘሩን ከመግለጡ በፊት የዘሩን ሃሽ፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ የማይፈታ አሻራውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አቪዬተር በዚህ ላይ በዙሩ ቀድመው የተወራረዱ ሦስት ተጫዋቾችን ዘር ይጨምርና ሁሉንም `SHA-512` በሚባል የሃሽ ስሌት ይፈጨዋል። ከሚወጣው ረጅም ድርድር አንድ ክፍል ይወሰድና በ0 እና በ1 መካከል ወዳለ ቁጥር ይለወጣል፤ `U` እንበለው። የተለመደው ቀመር በቀላሉ ሲጻፍ ይህ ነው፦

```
crash = max(1.00, 0.97 / (1 - U))
```

`U` 0.40 ከወጣ 0.97 ለ0.60 ይካፈላል፤ አውሮፕላኑ 1.61 ላይ ይወድቃል። 0.95 ከወጣ 19.40 ይደርሳል። 0.02 ከወጣ ግን ውጤቱ ከ1 በታች ስለሚሆን 1.00 ላይ ይቆማል፤ ማንም ሳይወጣ ሁሉም ይበላል። ያ ሳይነሳ የሚፈነዳው ዙር «ሲስተሙ ተበላሽቶ» የመጣ አይደለም፤ በቀመሩ ውስጥ የተጻፈ ነው።

አሁን 0.97 የምትለዋን ቁጥር ልብ በሉ። አቪዬተር ለተጫዋቾች ይመለሳል ብሎ የሚያስታውቀው 97 በመቶ ነው፤ የቀረው 3 በመቶ የቤቱ፣ ማለትም የአጫዋቹ ድርጅት፣ ድርሻ ነው። በሌሎች ጨዋታዎች ድርሻው ሊያንስም ሊበዛም ይችላል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። ከቀመሩ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፦ አውሮፕላኑ አንድ ማባዣ ላይ የመድረስ ዕድሉ 0.97 ሲካፈል ለዚያው ማባዣ ነው። 2.00 ላይ የመድረስ ዕድሉ 48.5 በመቶ፣ 1.10 ላይ 88.2 በመቶ ገደማ፣ 10.00 ላይ 9.7 በመቶ። ማባዣው ዝቅ ሲል ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ግን በዚያው ልክ ብቻ። ሁለቱን ብታባዙ ሁልጊዜ 0.97 ነው።

የእናንተን 1.10 በ1,000 ዙር እንቁጠረው፤ በየዙሩ 100 አስይዛችኋል። 882 ዙር ገደማ ታሸንፋላችሁ፣ በእያንዳንዱ 10፤ ድምሩ 8,820። በቀሩት 118 ዙሮች ግን ትሸነፋላችሁ፣ በእያንዳንዱ 100፤ 11,800። ልዩነቱ ወደ 3,000 ኪሳራ ነው። 2.00 ላይ የሚወጣው ጎረቤታችሁ 485 ጊዜ 100 አግኝቶ 515 ጊዜ 100 ያጣል፤ ኪሳራው 3,000። እስከ 10.00 የሚታገሠው 97 ጊዜ 900 አግኝቶ 903 ጊዜ 100 ያጣል፤ ያም 3,000። ሦስታችሁም ያስያዛችሁት 100,000 ነበር፣ ሦስታችሁም በአማካይ የከፈላችሁት 3 በመቶ ነው።

ታዲያ 1.10 ለምን ደህና ይመስላል? ብዙ ጊዜ ስለሚያሸንፍ ነው። አንድ ሽንፈት የአሥር ዙር ትርፍ ይዞ ይሄዳል፤ እንዲያው ለመተካከል ከ100 ዙር 91 ያህሉን ማሸነፍ ነበረባችሁ፣ ቀመሩ የሚሰጣችሁ ግን 88 ነው። አሥር ዙር በተከታታይ የማሸነፍ ዕድላችሁ ራሱ 28 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰ ግን አለ፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። ቶሎ መውጣት የሚቀንሰው የትርፍና የኪሳራውን መዋዠቅ ነው፣ የቤቱን ድርሻ አይነካም። መዋዠቅ ደግሞ ለጊዜውም ቢሆን ቤቱን ቀድሞ ለመገኘት ያላችሁ ብቸኛ ቀዳዳ ነበር። ከ1,000 ዙር በኋላ እስከ 10.00 የሚጠብቁ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በትርፍ ላይ ሊገኝ ይችላል። 1.10 ላይ ከሚወጡት ግን ከ100 አንድ ሰው እንኳ አይገኝም። ጥንቃቄ ያላችሁት ነገር ኪሳራውን እርግጠኛ አድርጎላችኋል። (ይህን አንብቦ ወደ 10.00 የሚሮጥ ካለ፣ 3 በመቶው እዚያም ይጠብቀዋል፤ እዚያ ደግሞ ገንዘቡ ቀድሞ ሊያልቅበት ይችላል።)

ሁለት ውርርድ ከፍታችሁ «አንዱን 2.00 ላይ አውጥቼ ወጪዬን እመልሳለሁ፣ ሁለተኛው ነጻ ነው» የምትሉም፣ ነጻ የሚባል የለም። ሁለት ውርርድ ነው፤ ከሁለቱም 3 በመቶ ይቆረጣል። «አምስት ጊዜ ዝቅ ብሎ ወደቀ፣ አሁን ከፍ ይላል» ማለትም አይሠራም፤ የየዙሩ `U` ያለፈውን ዙር አያውቅም። በቴሌግራም «ሲግናል» ብለው የሚቀጥለውን ዙር ትንበያ ለሚሸጡላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሃሹን እንዴት ወደ ዘሩ መለሱት? የማይመለስ ስለሆነ ነው ቤቱ ራሱ ሳይፈራ አስቀድሞ የሚያሳያችሁ።

«ግን እኮ ፍትሐዊነቱ ይረጋገጣል» ትላላችሁ። አዎ፤ ከዙሩ በኋላ የተገለጠውን ዘር ወስዳችሁ ሃሹን ብታሰሉና አስቀድሞ ከታየው ጋር ቢገጥም፣ ቤቱ መሃል ላይ ዘሩን አልቀየረም ማለት ነው። የሚረጋገጠው ይህ ብቻ ነው። ዘሩ ሳይነካ፣ ማጭበርበር ሳይኖር፣ 0.97 እዚያው በቀመሩ ውስጥ ተቀምጣለች።

«3 በመቶ ምን አላት?» ለምትሉ፣ ሦስቱ የሚቆረጠው በየዙሩ ካስያዛችሁት ነው፤ አካውንት ላይ ከሞላችሁት አይደለም። 1,000 ሞልታችሁ በየዙሩ 100 ብታስይዙ፣ አንድ ዙር ከመጠባበቂያው ጋር 20 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሰዓት 180 ዙር ነው። ያው 1,000 እየዞረ 18,000 ተወራርዷል ማለት ነው፤ የዚህ 3 በመቶ 540 ነው። 1.10 ላይ ወጣችሁም 10.00 ላይ፣ የአንድ ሰዓቱ አማካይ ክፍያ ይኸው ነው። በአካውንታችሁ የውርርድ ታሪክ ውስጥ ገብታችሁ ያስያዛችሁትን ሁሉ ደምሩና በ0.03 አባዙት።